መስመር የሌለው ደረሰኝ፦ ኮምፒውተር ዓምዱን በምን ያውቀዋል?

አንድ የጽሕፈት መሣሪያ አከፋፋይ የሰጠው የሽያጭ ደረሰኝ በሂሳብ ሠራተኛዋ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል እንበል። ከላይ «ተ.ቁ»፣ «የዕቃው ዓይነት»፣ «መለኪያ»፣ «ብዛት»፣ «የአንዱ ዋጋ» እና «ጠቅላላ ዋጋ» የሚሉ ርእሶች ጎን ለጎን ተጽፈዋል። ከሥራቸው አምስት ዕቃና አገልግሎት ተዘርዝሯል። በዓምዶቹ መካከል አንድም የተሰመረ መስመር የለም። ሠራተኛዋ ግን አትቸገርም፤ ዓይኗን ከላይ ወደ ታች ስታወርድ ስድስቱም ዓምዶች በመካከላቸው ባለው ባዶ ቦታ ብቻ ተለይተው ይታዩዋታል።

ይኸው ደረሰኝ በፒዲኤፍ ተልኮ አንድ ፕሮግራም እንዲያነበው ሲደረግ ነገሩ ይለወጣል። ፒዲኤፍን አዶቢ እ.ኤ.አ. በ1993 ሲያወጣው ዓላማው አንድ ገጽ በየትኛውም ማሽን ላይ መልኩን ሳይቀይር እንዲታይና እንዲታተም ነበር። ስለዚህ ፋይሉ በዋናነት የሚይዘው «ይህ ፊደል እዚህ ቦታ ላይ ይቀመጥ» የሚል ትእዛዝ ነው። ሰንጠረዡን ከነዓምዱ በምልክት ማስያዝ የሚያስችል አሠራር ቢኖርም ከሂሳብ ሶፍትዌር በሚወጡ ደረሰኞች ላይ እምብዛም አይገኝም። ፕሮግራሙ 650.00 የሚለው ቁጥር ከገጹ ግራ ጠርዝ በ402.5 ነጥብ ርቀት እንደሚጀምር ያውቃል፤ የወረቀት ዋጋ መሆኑን ግን የሚነግረው የለም። እዚህ ላይ ነጥብ የሚባለው የኢንች አንድ ሰባ ሁለተኛ ነው። በዚህ ልኬት የኤ4 ወረቀት ወርዱ 595፣ ቁመቱ 842 ነጥብ ያህል ይሆናል።

ለማሳያ የወሰድነው ደረሰኝ ቦታው ተረስቶ ጽሑፉ ብቻ ሲወጣ ይህን ይመስላል።

```
1 ፎቶ ኮፒ ወረቀት ኤ4 ደስጣ 20 650.00 13,000.00
2 ሰማያዊ እስክሪብቶ ፓኬት 5 400.00 2,000.00
3 የፕሪንተር ቀለም ጥቁር ፍሬ 3 2,500.00 7,500.00
ለሌዘር ፕሪንተር
4 ስቴፕለር ፍሬ 2 350.00 700.00
5 ማጓጓዣ 800.00
```

አምስተኛው መስመር ላይ ችግሩ ወዲያው ይታያል። ማጓጓዣ መለኪያም፣ ብዛትም፣ የአንዱ ዋጋም የለውም፤ የተጻፈለት ጠቅላላው ብቻ ነው። ቃላቱን ከግራ ወደ ቀኝ እየቆጠረ ዓምድ የሚያድል ፕሮግራም 800.00ን ሦስተኛ ቦታ ላይ ስላገኘው «መለኪያ» ውስጥ ያስገባዋል። በመጀመሪያው መስመር ደግሞ «ፎቶ»፣ «ኮፒ»፣ «ወረቀት» እና «ኤ4» እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ዓምድ ይይዛሉ። የአንድን መስመር ቃላት ብቻ እያዩ ዓምድ መለየት የማይቻለው ለዚህ ነው።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሞክረው መፍትሔ ክፍት ቦታዎችን መቁጠር ነው። `pdftotext -layout` የሚባለው ትእዛዝ ገጹን ወደ ተራ ጽሑፍ ሲለውጥ በቃላት መካከል ያለውን ርቀት ለመምሰል ባዶ ቦታ ይጨምራል። ከዚያም «ሁለትና ከዚያ በላይ ባዶ ቦታ ካለ አዲስ ዓምድ ነው» የሚል ሕግ ይወጣለታል። ሕጉ በእንግሊዝኛ ደረሰኝ ላይ ብዙ ጊዜ ይሠራል። የአማርኛ ደረሰኝ ላይ ግን ቶሎ ይሰናከላል፤ የግዕዝ ፊደላት ከአኀዝ ይልቅ ሰፋ ያሉ ስለሆኑ በፊደል ቁጥር የተሰላ ርቀትና በወረቀቱ ላይ ያለው እውነተኛ ርቀት አይገጣጠሙም። ረጅም መጠሪያ ባለበት መስመር ላይ ቁጥሩ ከቦታው ይንሸራተታል። የሚሻለው ባዶ ቦታ መቁጠሩን ትቶ ፋይሉ ውስጥ ያለውን የእያንዳንዱን ቃል መነሻና መድረሻ በነጥብ መውሰድ ነው።

ይህ ርቀት የሚሰጠው ሌላ ጥቅምም አለ። ከዩኒኮድ በፊት በተሠሩ የአማርኛ ፎንቶች የተዘጋጀ ደረሰኝ ሲገለበጥ ጽሑፉ የማይነበብ የላቲን ፊደል ክምር ሆኖ ሊወጣ ይችላል። የቃላቱ ቦታ ግን አይዛባም። ፊደሉ ባይነበብም ዓምዱን ማግኘት ይቻላል።

አሁን ወደ ደረሰኛችን ልኬት እንግባ። ተራ ቁጥሮቹ ከ40 እስከ 46 ነጥብ ባለው ቦታ ውስጥ ናቸው። የዕቃዎቹ መጠሪያ ሁሉም 70 ላይ ይጀምራል፤ የሚያበቃበት ግን ይለያያል፤ ረጅሙ 190 ላይ ይደርሳል። መለኪያዎቹ 250 ላይ ጀምረው እስከ 277 ይዘልቃሉ። ብዛት ከ335 እስከ 345፣ የአንዱ ዋጋ ከ395 እስከ 430፣ ጠቅላላ ዋጋ ደግሞ ከ500 እስከ 540 ያለውን ቦታ ይይዛሉ።

ከገጹ አናት ላይ መብራት በርቶ እያንዳንዱ ቃል ጥላውን ወደ ገጹ ግርጌ እንደሚጥል እናስብ። የሁሉም መስመሮች ጥላ አንድ ላይ ሲደራረብ ግርጌው ላይ የጠቆሩ ቦታዎችና አንድም ጥላ ያላረፈባቸው ነጭ ክፍተቶች ይቀራሉ። ፕሮግራሙ የሚያደርገውም ይኼንኑ ነው። ገጹን ከግራ ወደ ቀኝ ነጥብ በነጥብ እየሄደ «በዚህ ቦታ ላይ ስንት መስመር ቃል አለው?» ብሎ ይቆጥራል። ቆጠራው ዜሮ ሆኖ የሚዘልቅበት ቦታ በዓምዶች መካከል ያለ ነጭ ቦይ ነው።

በእኛ ደረሰኝ ላይ አምስት ቦዮች ይገኛሉ። አንደኛው ከ46 እስከ 70፣ ሁለተኛው ከ190 እስከ 250፣ ሦስተኛው ከ277 እስከ 335፣ አራተኛው ከ345 እስከ 395፣ አምስተኛው ከ430 እስከ 500 ነው። አምስት ቦይ ስድስት ዓምድ ይለያል። «ፎቶ» እና «ኮፒ» መካከል ያለው ክፍተት ቦይ አይሆንም፤ በሌላ መስመር ላይ «ሰማያዊ» ወይም «የፕሪንተር» የሚለው ቃል ይሸፍነዋል። በዚያ ላይ በ9 ነጥብ ፊደል በተጻፈ ጽሑፍ ውስጥ የተለመደው የቃላት ክፍተት ከ2.5 ነጥብ ብዙም አይርቅም፤ ጠባቡ ቦያችን ግን 24 ነጥብ ስፋት አለው። በሥራው ላይ ያሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ከአንድ ፊደል ቁመት የጠበበን ክፍተት ቦይ ነው ብለው አይቀበሉም።

የማጓጓዣ መስመር ጉዳይም እዚሁ ላይ ይፈታል። 800.00 ከ512.5 እስከ 540 ያለውን ቦታ ስለያዘ ከአምስተኛው ቦይ በስተቀኝ ነው፤ ስለዚህ ቦታው «ጠቅላላ ዋጋ» ነው። ከእሱ በፊት ያሉት ሦስት ክፍሎች ባዶ ሆነው ይቀመጣሉ። ባዶ ክፍልን ባዶ ብሎ መመዝገብ የሚቻለው የዓምዱ ወሰን ከሌሎቹ መስመሮች ስለታወቀ ነው።

ይህ ስሌት የሚሠራው ግን ትክክለኛዎቹ መስመሮች ከተመረጡ ነው። ደረሰኙ ግርጌ ላይ «በፊደል፦ ሃያ ሰባት ሺህ ስድስት መቶ ብር» የሚል ዓረፍተ ነገር ከግራ ጫፍ ተነሥቶ ወደ ቀኝ ይዘረጋል። ይህ አንድ መስመር ከቆጠራው ውስጥ ከገባ ጥላው በመንገዱ ያሉትን ቦዮች ይደፍናቸዋል። የገዢው አድራሻ፣ የክፍያ ማስታወሻና የባንክ ሂሳብ ቁጥርም እንደዚሁ ናቸው። ስለሆነም መጀመሪያ ሰንጠረዡ ከየት እስከ የት እንደሆነ መለየት አለበት። መነሻው ብዙውን ጊዜ እንደ «ብዛት» እና «የአንዱ ዋጋ» ያሉ ርእሶችን በአንድ ላይ የያዘው መስመር ነው። መድረሻው ደግሞ «ድምር» የሚለው ቃል መጀመሪያ የታየበት መስመር ነው። ጥላው የሚሰላው በሁለቱ መካከል ባሉት መስመሮች ብቻ ነው።

የርእሶቹ መስመር ራሱ ተለይቶ መያዝ ይኖርበታል። «ጠቅላላ ዋጋ» የሚለው ርእስ ከሥሩ ካሉት አኀዞች ሊሰፋና ቦዩን ሊያጠብበው ይችላል። ይሁን እንጂ ርእሱ የሚጣል አይደለም። ደረሰኙ «ቅናሽ» የሚል ዓምድ ኖሮት ለማንም ዕቃ ቅናሽ ካልተደረገ፣ ዓምዱ መኖሩን የሚመሰክር ሌላ ነገር የለም። ጥላው የሚያሳየው ሰፊ ነጭ ቦታ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ዕቃ ላይ «ለሌዘር ፕሪንተር» የሚለው ጽሑፍ ወደ ቀጣዩ መስመር ወርዷል። ዓምዶቹ ከታወቁ በኋላ ይህን መለየት ቀላል ነው፤ መስመሩ ተራ ቁጥርም ሆነ ጠቅላላ ዋጋ ስለሌለው ከላይኛው ዕቃ ጋር ይጣበቃል። ማጓጓዣ ግን ሁለቱም ስላሉት ራሱን ችሎ ይቆማል።

እስካሁን ያየነው ደረሰኝ ሰፋፊ ክፍተት ያለው ነው። ከዝርዝሩ ውስጥ አንዱ ዕቃ «ባለ ሁለት ቀለበት ጠንካራ የፋይል ማኅደር ትልቁ» ቢባልና መጠሪያው እስከ 247 ቢደርስ ሁለተኛው ቦይ ከ60 ወደ 3 ነጥብ ይጠባል። ያኔ በስፋቱ ከተራ የቃላት ክፍተት አይለይም፤ ጥላውን ብቻ የሚያይ ፕሮግራም መጠሪያንና መለኪያን አንድ ዓምድ ያደርጋቸዋል። አንድ ረጅም ስም የሁሉንም መስመር ምስክርነት ያጠፋል ማለት ነው።

እዚህ ላይ የሚያድነው የቃላቱ ጠርዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ሬይ ስሚዝ የተባለው ተመራማሪ ቴሰራክት ለተባለው ነፃ የጽሑፍ አንባቢ ሶፍትዌር አንድ ዘዴ አቀረበ። ገጹን ያዘጋጀው ሰው ወይም ሶፍትዌር ጽሑፍ የሚያስጀምርባቸውን ቋሚ ቦታዎች አስቀድሞ ወስኗል፤ በጽሕፈት መኪና ዘመን ጸሓፊዎች ሰንጠረዥ ሲሠሩ የታብ ማቆሚያ ያስተካክሉ እንደነበረው ሁሉ። ስለዚህ የብዙ ቃላት ጠርዝ ቀጥ ብሎ የሚገጥምባቸውን ቦታዎች ፈልጎ ማግኘት የዝግጅቱን ሐሳብ መልሶ ማግኘት ነው።

በእኛ ደረሰኝ ላይ 250 ቁጥር የመለኪያዎቹ ሁሉ መነሻ ነው። ደስጣ፣ ፓኬት፣ ፍሬ የሚሉት ሁሉም ከዚያ ይጀምራሉ። በመጠሪያው ውስጥ ያሉት ሁለተኛና ሦስተኛ ቃላት ግን እያንዳንዳቸው የተለያየ ቦታ ላይ ነው የሚጀምሩት። ረጅሙ መጠሪያ እስከ 247 ቢመጣም በ250 ላይ የሚስማሙት ጠርዞች ስለማይነኩ ዓምዱ ይተርፋል።

በቁጥሮች ላይ ደግሞ መታየት ያለበት የቀኝ ጠርዝ ነው። 13,000.00 የሚጀምረው 500 ላይ ነው፤ 7,500.00 ከ505፣ 800.00 ከ512.5። በመነሻቸው ቢፈረጁ ሦስት የተለያዩ ዓምዶች ይመስላሉ። መድረሻቸው ግን ለሁሉም 540 ነው። ደረሰኝ ላይ ቁጥር ወደ ቀኝ ተደግፎ የሚጻፈው አንዶችና አሥሮች ከአቻዎቻቸው ሥር እንዲውሉ ስለሆነ የግራ ጠርዝን ብቻ የሚያይ ፕሮግራም በገንዘብ ዓምዶች ላይ መሳሳቱ አይቀርም። ጥሩ ፕሮግራም ለእያንዳንዱ ቦታ የግራ፣ የቀኝና የመሀል ስምምነትን ለየብቻ ቆጥሮ ብዙ ድምፅ ያገኘውን ይመርጣል።

ስንት ድምፅ ይበቃል? `pdfplumber` የተባለው ታዋቂ የፓይተን መሣሪያ በጽሑፍ አሰላለፍ ዓምድ ሲፈልግ ቢያንስ ሦስት ቃላት እንዲስማሙ ይጠይቃል። ቁጥሩ ያለምክንያት አልተመረጠም። ሁለት ዕቃ ብቻ ባለው ደረሰኝ ላይ ሁለት ቃላት በአጋጣሚ አንድ ቦታ ላይ ሊጀምሩ፣ የቃላት ክፍተቶችም በአጋጣሚ ሊገጥሙ ይችላሉ። አጭር ደረሰኝ ከረጅሙ ይልቅ አስቸጋሪ የሚሆነው ምስክሮቹ ጥቂት ስለሆኑ ነው። ያው አቅራቢ በየወሩ አንድ ዓይነት ደረሰኝ የሚልክ ከሆነ ወሰኖቹን አንድ ጊዜ ከረጅሙ ደረሰኝ ለክቶ ለሌሎቹም መስጠት ይሻላል። በምሳሌያችን ወሰኖቹ የቦዮቹ አጋማሾች ናቸው፤ ሁለቱ የዳር መስመሮችም ይጨመራሉ።

```python
table = page.extract_table({
    "vertical_strategy": "explicit",
    "explicit_vertical_lines":
        [35, 58, 220, 306, 370, 465, 545],
    "horizontal_strategy": "text",
})
```

ደረሰኙ በስካነር ወይም በስልክ ካሜራ የተነሣ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ጠላት አለ፤ እሱም ዘንበል ማለት ነው። ወረቀቱ አንድ ዲግሪ ብቻ ቢያጋድል በየ57 ነጥቡ አንድ ነጥብ ያህል መዛነፍ ይመጣል። ሠላሳ መስመር ያለውና ቁመቱ 420 ነጥብ የሆነ ዝርዝር ላይ የመጀመሪያውና የመጨረሻው መስመር በ7 ነጥብ ተለያይተው ይገኛሉ። ጠባብ ቦይ በዚህ ይደፈናል። በአግድም ያለው ጉዳት ደግሞ ይብሳል። ከተራ ቁጥሩ እስከ ጠቅላላ ዋጋው ያለው ርቀት 500 ነጥብ ስለሆነ በቀኝ በኩል ያለው ገንዘብ ከመጠሪያው ወደ 9 ነጥብ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ይታያል። መስመሮቹ በ14 ነጥብ ርቀት ከተጻፉ የስቴፕለሩ ዋጋ ከስቴፕለሩ ይልቅ ለጎረቤቱ መስመር ይቀርባል። ዓምዱ ትክክል ሆኖ ሳለ ገንዘቡ የሌላ ዕቃ ይሆናል። ስለዚህ ምስሉን ማቃናት ይቀድማል። ፕሮግራሙ ገጹን በጥቂት በጥቂቱ እያዞረ በመስመሮች መካከል ያለው ነጭ ቦታ በጣም ጠርቶ የሚታይበትን ማዕዘን ይመርጣል። በስልክ የተነሣ ፎቶ ከመጋደል አልፎ የተጣጠፈ ወረቀትና የራቀ ጥግ ስለሚኖረው በማዞር ብቻ አይቃናም።

ይህ ሁሉ ተደርጎም የተገኘው ዓምድ ግምት ነው። ደረሰኝ ከሌሎች ሰንጠረዦች የሚለየው ግምቱን የሚፈትን ሂሳብ በራሱ ላይ ይዞ መምጣቱ ነው። ብዛት በአንዱ ዋጋ ሲባዛ ጠቅላላውን መስጠት አለበት፤ 20 በ650 ሲባዛ 13,000፣ 3 በ2,500 ሲባዛ 7,500። ጠቅላላዎቹ ሲደመሩ ማጓጓዣውን ጨምሮ 24,000 ይሆናሉ። በኢትዮጵያ የተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ስለሆነ 3,600 ይታከልበትና 27,600 ብር ይመጣል። ይህ በፊደል ከተጻፈው ጋር ይገጥማል። 800.00 ተሳስቶ «ብዛት» ውስጥ ቢገባ ኖሮ ድምሩ 23,200 ይሆንና ስሕተቱ ወዲያው ይጋለጥ ነበር።

ሂሳቡ የማይዛቸው ስሕተቶችም አሉ። ብዛትና የአንዱ ዋጋ ቦታ ቢለዋወጡ ብዜቱ ያው ነው፤ 20 በ650 እና 650 በ20 አይለያዩም። ይህን የሚለየው የዓምዱ ርእስና ከዋጋው ኋላ ያለው የሳንቲም ቦታ ነው። ቅናሽ ያለበት መስመር ላይ ደግሞ ብዜቱ ትክክል ሆኖም አይገጥምም። መለኪያ ከመጠሪያ ጋር ቢጣበቅ ድምሩ ምንም አይነካም፤ የዕቃ ክፍል መዝገብ ግን ይበላሻል። ስለዚህ የተቀላቀለ ዓምድን ለመያዝ የየዓምዱን ይዘት ማየት ያስፈልጋል። «20 650.00» የሚል ክፍል ከተገኘ ሁለት ዓምድ ተዋህዷል ማለት ነው። «13,» ለብቻ «000.00» ለብቻ ከተገኙም አንድ ዓምድ ተሰንጥቋል።

ደረሰኝ የሚያዘጋጁ ድርጅቶች ይህን ሥራ በእጅጉ ሊያቀሉት ይችላሉ። ቁጥሮችን ሁልጊዜ ወደ ቀኝ አስደግፎ መጻፍ፣ ረጅም መጠሪያን ወደ መለኪያው ከማስጠጋት ይልቅ ወደ ቀጣይ መስመር ማውረድ፣ ባዶ ክፍል ላይ ሰረዝ ማድረግ ይበቃል። ደረሰኝ የሚቀበሉት ደግሞ ከፕሮግራሙ የወጣውን ዝርዝር ወደ መዝገብ ከማስገባታቸው በፊት ብዜቱን፣ ድምሩንና ታክሱን እንዲያስፈትሹ፣ ያልገጠመውን ደረሰኝም ለሰው ዓይን እንዲመልሱ ይመከራል።